በእኔ በኩል የተቆራረጠ፣ በሌላው በኩል ያልተቆራረጠ መስመር፦ ቀድሜ ስመለስ ጥፋት ሠርቻለሁ?

የሐረጎ መንገደኛ
ሰላም ለሁላችሁ። ለሥራ ከደሴ ኮምቦልቻ በራሴ መኪና የምመላለስ ሰው ነኝ፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ብዙም አልቆየሁ። የምጠይቃችሁ መንገዱ መሀል ላይ ጎን ለጎን ስለሚሰመሩት ሁለት መስመሮች ነው። ሁለቱም ያልተቆራረጡ ሲሆኑ ግልጽ ነው፤ ማንም አይቀድምም። አንዱ የተቆራረጠ፣ ሌላው ያልተቆራረጠ ሲሆን ነው ግራ የገባኝ።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። የሐረጎን ዳገት ይዤ ወደ ደሴ ስወጣ ከፊቴ ጭነት የሞላ ተሳቢ ያዘግማል። አንዱን ኩርባ እንደ ጨረስን መንገዱ ተገለጠ። በእኔ በኩል ያለው መስመር የተቆራረጠ ነው፤ ከደሴ ለሚወርዱት ግን ያልተቆራረጠ። ስፖኪዮ አየሁ፣ ፍሬቻ አሳየሁ፣ ቀደምኩና ወደ ረድፌ ተመለስኩ። አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩት አማቴ በደጉ ዘመን አሰብ ድረስ ጭነት ያመላለሱ ሰው ናቸው። «ስትወጣስ የተቆራረጠውን ይዘህ ወጣህ፤ ስትመለስ ግን መጀመሪያ ያገኘኸው ያልተቆራረጠውን ነው። እሱን መርገጥ ክልክል ነው» አሉኝ። ደሴ እስክንገባ ተከራከርን። እሳቸውን በቃል ማሸነፍ እንደማይቻል አውቃለሁ፤ እውነቱን ግን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሁለተኛ ጥያቄም አለኝ። እየቀደምኩ ሳለሁ በእኔ በኩል ያለው መስመር ያልተቆራረጠ ቢሆንስ ምን አደርጋለሁ?

የድሮ ተሳቢ
አማትህ ልክ ናቸው። ያልተቆራረጠ መስመር ግድግዳ ማለት ነው። ግድግዳ ደግሞ ከወዲህ ሲያዩት ግድግዳ፣ ከወዲያ ሲያዩት በር አይሆንም። እኔ ሃያ ምናምን ዓመት ስነዳ መሀል ላይ ያልተቆራረጠ መስመር ካየሁ በማንም በኩል ይሁን አልቀድምም። ለዚህ ነው ዛሬም በሕይወት ኖሬ የምጽፍልህ።

ሸዋ በር
እኔ እንኳ ከተማ ውስጥ በመንገዱ ዳር ስላለው መስመር ነው ማወቅ የምፈልገው። ለአምስት ደቂቃ መድኃኒት ልገዛ ቆሜ ተቀጣሁ። መስመሩ እንደሆነ ደብዝዞ አይታይም። ስለዚህ የሚነግረኝ አለ?

የሐረጎ መንገደኛ
እህቴ፣ የእኔ ጥያቄ ስለ መሀሉ አካፋይ መስመር ነው። ስለ ዳሩ ለብቻው ብትጠይቂ የተሻለ መልስ የምታገኚ ይመስለኛል።

መስመር ቀቢ
ለተወሰኑ ዓመታት መንገድ ላይ መስመር ከሚያሰምር ቡድን ጋር ሠርቻለሁና ጥቂት ልበል። በቅድሚያ ለአማትህ ያለኝን አክብሮት ንገርልኝ፤ የአሰብን መንገድ የነዳ ሰው ከእኔ ብዙ ያውቃል። በዚህች ነጥብ ግን አልስማማም።

እስቲ የሄድክበትን መንገድ በሐሳብ እንከተለው። አንተ በቀኝ ረድፍ ላይ ነህ። ወደ ግራ ስትወጣ መጀመሪያ የምታገኘው የራስህን የተቆራረጠ መስመር ነው፤ ቀጥሎ ያልተቆራረጠውን። ሁለቱንም ሳታልፍ ወደ ግራው ረድፍ መግባት አትችልም። ስትመለስ ደግሞ እነዚያኑ ሁለቱን በተገላቢጦሽ ታገኛለህ። ስለዚህ ያልተቆራረጠውን መርገጥ ጥፋት ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ ስትመለስ ሳይሆን ገና ስትወጣ ነበር የሚጀምረው። ያን ጊዜ ደግሞ የተቆራረጠውን መስመር ማን ይጠቀምበታል? ከላይ የሚወርደው በእሱ በኩል ያለው ያልተቆራረጠ ስለሆነ አይቀድምም። አንተም ካልቀደምክ ቀለሙ በከንቱ ፈሰሰ ማለት ነው፤ ሁለቱንም ያልተቆራረጡ አድርገን እናሰምራቸው ነበር።

ሕጉ የሚለው ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ እያንዳንዱ አሽከርካሪ ለእሱ የሚቀርበውን ብቻ ይመለከታል ነው። በ1968 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቪየና ላይ የተፈረመው የመንገድ ምልክቶች ስምምነት ይህን በግልጽ ያስቀምጠዋል። በተፈቀደለት መንገድ የቀደመ ሰው ወደ መደበኛ ቦታው ከመመለስ እንደማይከለከልም አክሎ ይናገራል። ምናልባት አማትህ ያነሱትን ክርክር ያኔም ያነሳ ሰው ነበር።

የድሮ ተሳቢ
ቪየና ሐረጎ የለም ወንድሜ። እዚህ ያለው ገደል ነው።

መስመር ቀቢ
እሱስ እውነት ነው፤ ገደሉን ልመጣበት ነው።

መስመሩ ለምን ለአንዱ ተፈቅዶ ለሌላው እንደሚከለከል ከተረዳችሁ ማስታወስ አያስፈልጋችሁም፤ መንገዱ ራሱ ይነግራችኋል። መስመሩን የሚወስነው አሽከርካሪው ወደ ፊት ምን ያህል ማየት ይችላል የሚለው ነው። ስንለካ አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ ሆነው የተወሰነ ርዝመት ያለው ገመድ ይዘው ይጓዛሉ። የኋለኛው ዓይኑን በትንሽ መኪና ውስጥ በተቀመጠ ሰው ዓይን ከፍታ ላይ ያደርጋል፤ በአሜሪካው መመሪያ 1.07 ሜትር ነው። የፊተኛው በዚያው ከፍታ ምልክት ይይዛል። ምልክቱ ከኩርባው ወይም ከጉብታው ጀርባ ሲሰወር የኋለኛው የቆመበት ቦታ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ያልተቆራረጠው መስመር ከዚያ ይጀምራል። ምልክቱ ተመልሶ ሲታይ ደግሞ ያበቃል። ከዚያ ሁሉም ነገር ከሌላው አቅጣጫ እንደገና ይለካል። ብዙ ሰው የማያውቀው ይህንን ነው፤ የወጪውና የወራጁ መስመር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ወደ አንተ ኩርባ እንመለስ። አንተ ከኩርባው እየወጣህ ነው፤ ከፊትህ ያለው ቀጥ ያለ መንገድ ተገልጦልሃል፤ ስለዚህ የተቆራረጠ መስመር አገኘህ። እዚያው ቦታ ላይ ከላይ የሚወርደው ግን ወደ ኩርባው እየገባ ነው። ከተራራው ጀርባ ምን እንዳለ አያይም። ስለዚህ ያልተቆራረጠ ተሰመረለት። ኩርባው መሀል ላይ ሁለታችሁም ስለማታዩ ሁለቱም መስመሮች ያልተቆራረጡ ይሆናሉ። ሁለት ያልተቆራረጡ መስመሮችን ስታዩ ሁለት ክልከላዎች አንድ ቦታ ላይ ተገናኝተዋል ማለት ነው።

ተለማማጅ
የጽሑፍ ፈተና እያጠናሁ ነውና ይህ በጣም ጠቀመኝ። አንድ ያልተቆራረጠ መስመር ብቻውን ከከለከለ ለምን ሁለት ያሰምራሉ ብዬ ስጨነቅ ነበር። አሠልጣኛችን «ድርቡ ይበልጥ ክልክል ነው» ብሎ አለፈው። ክልክልና ይበልጥ ክልክል የሚባል ነገር አለ እንዴ?

መስመር ቀቢ
ለአሽከርካሪው ልዩነት የለውም፤ ሁለቱም አትሻገር ነው የሚሉት። ድርቡ ሰፊ ስለሆነ ከሩቅ ይታያል፤ አንደኛው ሲፋቅም ሌላው ይቀራል። ለፈተናው ግን አሠልጣኝህ ያስተማረህን መልስ፤ እዚህ የተጻፈውን ጠቅሰህ ብትወድቅ እኔን አታገኘኝም።

ቦርከና
እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ባጃጅ ነው የምሠራው። ከፊቴ የፈረስ ጋሪ ይሄዳል፤ መስመሩ ያልተቆራረጠ ነው። ከጋሪው ጀርባ በእግር ፍጥነት ልከተል ነው? ተሳፋሪው ይሰድበኛል፣ ከኋላ ያለው መኪና ክላክስ ያስጮህብኛል። ደግሞ መንገድ ላይ የተበላሸ መኪና ድንጋይ ተደርድሮለት ሲቆም በየት ነው የሚታለፈው? እስኪጠገን እንጠብቅ?

መስመር ቀቢ
የቆመ መኪና ረድፍህን ዘግቶ ከሆነ ማለፍ መቅደም አይደለም፤ መሰናክልን መዞር ነው። ከፊት የሚመጣ አለመኖሩን አረጋግጠህ፣ ካልታየህ ሰው አስወርደህ እያሳየህ፣ በዝግታ ታልፋለህ። የሚንቀሳቀሰው ጋሪ ግን አገር ከአገር ይለያያል። ለምሳሌ እንግሊዞች ያልተቆራረጠውን ተሻግሮ ብስክሌትን፣ ፈረስን ወይም የመንገድ ጥገና መኪናን መቅደም ይፈቅዳሉ፤ ሆኖም የሚቀደመው በሰዓት 10 ማይል ማለትም 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች የሚሄድ መሆን አለበት። እኛ ዘንድ ግን አንድ ትራፊክ ፖሊስ ያሳለፈህን ሌላው ሊይዝህ ይችላል። ባጃጅህ ጠባብ ስለሆነች ጋሪው ትንሽ ጠርዝ ከያዘልህ መስመሩን ሳትነካ ማለፍ የምትችልበት ቦታ ይኖራል።

ቦርከና
ጋሪ ነጂው ጠርዝ የሚይዝልኝ ከሆነ አንተ ኮምቦልቻን አታውቃትም።

ባቲ በር
እኔ ከጂቡቲ መስመር ተሳቢ እየነዳሁ ሐረጎን የምወጣ ነኝ። ማለትም የምትቀድሙኝ እኔን ነው። ከላይ ያለው ማብራሪያ ጥሩ ነው፤ ግን የመንገደኛው ሁለተኛ ጥያቄ ተዘለለ። ሰው የሚሞተው እዚያ ላይ ነው። የተቆራረጠ መስመር ያየ ሁሉ «ተፈቅዷል» ብሎ ይወጣል፤ አጠገቤ ሲደርስ መስመሩ ይለወጥበታል፤ ከላይ አውቶቡስ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ እኔ ፍሬን ይዤ ቦታ ልስጠው ብል ከኋላዬ ያለው ተጠግቶኛል፤ ጠርዝ ልያዝ ብል ቦይ አለ።

ደግሞ በቀኝ ፍሬቻ «እለፍ» ስንላችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የምትወጡ አላችሁ። እኔ ከፍ ብዬ ስለተቀመጥኩ ጉብታ ላይ ከእናንተ የበለጠ አያለሁ። ኩርባ ላይ ግን ተራራው እኔንም ይጋርደኛል፤ ከፍታዬ አይረዳኝም። ፍሬቻዬ መሪያችሁን አይዝላችሁም።

መስመር ቀቢ
ጥሩ አደረግህ፣ ያንን ሳልመልስ ነበር። በቁጥር እናስበው፤ ቀላል ሒሳብ ነው።

ተሳቢው ዳገቱን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይወጣል እንበል፤ መንገደኛው ሲቀድም 40 ይደርሳል። በየሰከንዱ የሚበልጠው 5.6 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ተሳቢው 20 ሜትር ይረዝማል፤ የራሱ መኪና 5 ሜትር ያህል ናት፤ ከኋላ ሲወጣ 15 ሜትር፣ ከፊቱ ሲገባ 15 ሜትር ቢተው በጠቅላላው 55 ሜትር መብለጥ አለበት። 10 ሰከንድ ይፈጅበታል። በ10 ሰከንድ እሱ ራሱ 111 ሜትር ይጓዛል። ከላይ በ60 የሚወርድ መኪና ደግሞ በእነዚያው 10 ሰከንዶች 167 ሜትር ይመጣል። ሁለቱ ሲደመሩ 280 ሜትር ገደማ ነው። ያውም ገና ሲወጣ የጠፋውን ጊዜ አልቆጠርንም፤ መጨረሻ ላይም ፊት ለፊት ሊላተሙ ምንም አልቀራቸውም።

አሁን መስመሩን ያሰመረው ሰው ስንት ሜትር አስቦ ነበር የሚለውን ተመልከቱ። በአሜሪካው መመሪያ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚነዳበት መንገድ የሚጠየቀው የእይታ ርቀት 180 ሜትር ነው። ከ180 ሜትር በላይ ከታየ መስመሩ ሊቆራረጥ ይችላል ማለት ነው። ይህ ርቀት የተሰላው አሽከርካሪው ሐሳቡን ቀይሮ ፍሬን ይዞ ወደ ኋላ መመለስ እንደሚችል ታስቦ ነው፤ ዳገት ላይ የሚያዘግም ረጅም ተሳቢ ታስቦበት አይደለም። በመንገዱ ርዝመት ተከታትለው በሚመጡ ሁለት ያልተቆራረጡ መስመሮች መካከል ያለው ክፍት ቦታም ከ120 ሜትር ካነሰ ነው አያይዘው የሚከለክሉት። 121 ሜትር ከሆነ የተቆራረጠ ሆኖ ሊቀር ይችላል። መንገደኛው ብቻውን 111 ሜትር እንደሚፈልግ አይተናል፤ መስመሩ መቆራረጥ በጀመረባት ቅጽበት ካልወጣ አይበቃውም።

ስለዚህ የተቆራረጠ መስመር «ክልክል አይደለም» ይላል እንጂ «ይበቃሃል» አይልም። የእንግሊዞቹ ሕግ በዚህ ላይ ጥብቅ ነው፤ በራስህ በኩል ያልተቆራረጠው መስመር ከመጀመሩ በፊት መጨረስ የምትችል ከሆነ ብቻ ውጣ ይላል። እኔም የምመክረው ያንኑ ነው።

የሐረጎ መንገደኛ
ይህን ሒሳብ ሳነብ ተሳቢውን ስቀድም ምን ያህል መንገድ ይታየኝ እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ፤ እውነቱን ለመናገር የማውቀው «ብዙ» እንደነበር ብቻ ነው። ግን ተጀምሮ መሀል ላይ መስመሩ ከተለወጠ ልጨርስ ወይስ ልመለስ?

ባቲ በር
የፊት ጎማህ የተሳቢውን የኋላ ጎማ ካላለፈ ነዳጁን ልቀቅና ወደ ኋላዬ ግባ። ዳገት ላይ መኪናህ ወዲያው ነው የሚዳከመው። ጋቢናዬን ካለፍክ ጨርስ። መሀሉ ላይ ያለህ ግን… እኔም የማውቀው መልስ የለኝም። ከፊትህ የሚመጣውን አይተህ ነው።

የድሮ ተሳቢ
መሀሉ ላይ ያለ ሰው ጥፋቱ ከመውጣቱ በፊት ነው የተሠራው። ስለዚህ ነው ያልተቆራረጠ ካለበት ቦታ ጨርሶ አልወጣም ያልኩት። በሕጉ ተሸንፌ ይሆናል፤ በሒሳቡ ግን አሸነፍኩ።

መስመር ቀቢ
በሒሳቡስ አሸንፈዋል ጋሼ። አንድ ነገር ልጨምር። በአንዳንድ አገሮች ያልተቆራረጠው መስመር ከመጀመሩ በፊት ማስጠንቀቂያ አለ፤ የተቆራረጠው መስመር ቁርጥራጮች ይረዝማሉ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ያጥራል። እንግሊዝ አገር ፍጥነቱ ዝቅ ባለበት መንገድ ተራው መስመር 2 ሜትር ቀለም፣ 4 ሜትር ክፍተት ነው፤ ማስጠንቀቂያው ግን 4 ሜትር ቀለም፣ 2 ሜትር ክፍተት። ቀለሙ ከክፍተቱ መብለጥ ሲጀምር መውጣት አቁም።

ተለማማጅ
ቀለሙ የተፋቀ ከሆነስ? ደሴ መግቢያ አካባቢ ያየሁት መስመር የተቆራረጠ ይሁን ያረጀ ያልተቆራረጠ መለየት አልቻልኩም።

መስመር ቀቢ
ቀርበህ ካየኸው ይለያል። ሆን ተብሎ የተቆራረጠ መስመር ጫፉ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ያለ ነው፤ ቁርጥራጮቹም እኩል ናቸው። ያረጀው ግን ጫፉ የተቦዳደሰ ነው፤ ክፍተቱ አንዴ አንድ ሜትር፣ አንዴ አምስት ሜትር ይሆናል፤ ክፍተቱ ውስጥም በጠጠሮቹ መካከል ባሉት ጉድጓዶች ቀለም ቀርቶ ታያለህ። ጠጠሩ አናት ላይ ያለው በጎማ ይጠረጋል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ይቀራል። ጨርሶ የሚያልቀው ደግሞ ኩርባው ላይ ነው፤ መኪኖች ኩርባውን ሲያሳጥሩ መስመሩን ስለሚረግጡት። ክልክል የሆነበት ቦታ ላይ ቀድሞ የሚፋቀው ለዚህ ነው።

ማታ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በጋለ ሁኔታ ቀልጦ የሚፈሰው ቀለም ላይ ጥቃቅን የመስታወት ፍሬዎች ይበተናሉ፤ የመኪናህን መብራት ወደ አንተ የሚመልሱት እነሱ ናቸው። ፍሬዎቹ ከረገፉ ቀለሙ ቀን እየታየ ማታ ይጠፋል። ዝናብ ሲዘንብም ውሃው ይሸፍናቸዋል።

ባቲ በር
በክረምት ጉም ሐረጎን ሲሸፍነው ቀለምም ፍሬም የለም። የፊተኛው መኪና የኋላ መብራት ብቻ ነው ያለው። ያን ጊዜ ካልለየህ ያልተቆራረጠ ነው በል።

ቦርከና
እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የጋሪውን ትቼዋለሁ። ነዳጅ ማደያ ከመንገዱ በግራ በኩል ነው፤ መሀሉ ያልተቆራረጠ መስመር ነው። ወደ ማደያው ለመታጠፍ መሻገር እችላለሁ?

የድሮ ተሳቢ
አትችልም። ወደ ፊት ሂድና መዞር በሚፈቀድበት ቦታ ዞረህ ና።

ሸዋ በር
እኔ እስከማውቀው ወደ ቤትህ ወይም ወደ ማደያ መግባት ይፈቀዳል፤ የተከለከለው መቅደም ነው።

መስመር ቀቢ
ሁለታችሁም የምትሉት የሆነ አገር ውስጥ ትክክል ነው። እንግሊዝ አገር መስመሩን ተሻግሮ ወደ ግቢ ወይም ወደ መጋቢ መንገድ መታጠፍ ይቻላል። የቪየናው ስምምነት ግን ያልተቆራረጠውን መሻገርንም መርገጥንም ይከለክላል። እኛ ዘንድ አብዛኛው የመንጃ ማሠልጠኛ የሚያስተምረው ጋሼ እንዳሉት ነው፤ ማደያው ፊት ለፊት መስመሩ እንዲቆራረጥ ተደርጎ የተሰመረበት ቦታ ካለም በዚያ ግባ። የአንተ ማደያ ፊት ለፊት ምን ዓይነት መስመር ነው ያለው?

ቦርከና
ነገ ቀን አይቼ እጽፍላችኋለሁ። ማታ አይታይም።